ዳታ ኢንትሪ፦ የሚከፍላችሁ ሥራ እና የሚያስከፍላችሁ ወጥመድ

በቴሌግራም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ደረሳችሁ እንበል። «ከያራቪል ሳትወጡ ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሠሩት ዳታ ኢንትሪ። እያንዳንዳቸው 12 መስክ ያላቸው 500 ቅጾች፣ በ5 ቀን፣ 300 ዶላር። የምዝገባ 85 ዶላር። ጥራት ከ98 በመቶ በታች ከሆነ ክፍያ የለም።»

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስላ። አንድ ቅጽ ለመጻፍና መልሶ ለማየት 2 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 500 ቅጽ 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል። 300 ዶላሩ ሙሉ በሙሉ ቢከፈል እንኳ በሰዓት 18 ዶላር ነው። በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) የአውስትራሊያ ዝቅተኛ የአዋቂ ሠራተኛ ክፍያ በሰዓት 24.95 ዶላር ስለነበር፣ በዚያ ሂሳብ ለዚሁ ሰዓት 416 ዶላር ገደማ ይገባችሁ ነበር። «ኤቢኤን አውጡ፣ ተቋራጭ ናችሁ» መባሉ ብቻውን ይህን መብት አያስቀርም።

ዋናው ተንኮል ግን 98 በመቶው ላይ ነው። የምን 98 በመቶ? 500 ቅጽ በ12 መስክ ሲባዛ 6,000 መስክ ይሆናል። 30 መስክ ብትሳሳቱ በመስክ ሲቆጠር ጥራታችሁ 99.5 በመቶ ነው። 30ዎቹ ስህተቶች በ30 የተለያዩ ቅጾች ላይ ካረፉ ግን፣ በቅጽ ሲቆጠር 94 በመቶ ይሆናል፤ ወደቃችሁ ማለት ነው። አጭበርባሪው አቆጣጠሩን አስቀድሞ የማይነግራችሁ ለዚህ ነው። ሥራውን ወስዶ 85 ዶላሩንም ያስቀራል፤ አንዳንዱ ጭራሽ «ውል አፍርሳችኋል» ብሎ ቅጣት ይጠይቃል።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ለጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒውተር ሁለት ነው፦

```python
print("ኃይሌ" == "ሀይሌ")  # False
```

ትክክለኛ አሠሪ «በቅጹ ላይ እንዳለ ጻፉ» ወይም «ሁሉንም በሀ ጻፉ» የሚል መመሪያ አስቀድሞ ይሰጣል።

እውነተኛው ሥራ ምን ይመስላል? የክሊኒክ የታካሚ ቅጽ፣ የአቅራቢዎች ደረሰኝ፣ የመጋዘን ማስረከቢያ ወረቀት ወደ ሲስተም ማስገባት ነው። ፈተናው አጭርና ነፃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓት የምትመቱትን ቁልፍና የስህተታችሁን ብዛት ይለካል። ጥንቃቄ በሚፈልግ ሥራ አንዱን ቅጽ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይጽፉታል፤ ሲስተሙ ያወዳድርና ልዩነቱን ሦስተኛ ሰው ያየዋል። ስህተት የሚስተካከለው በሥራው ሂደት ውስጥ ነው እንጂ ደመወዝ በመከልከል አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት የድርጅቱን ኤቢኤን በ`abr.business.gov.au` ፈልጉ። ቁጥሩ መገኘቱ ብቻ ግን በቂ አይደለም፤ አጭበርባሪ የሌላ ድርጅት ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ ባገኛችሁት ስልክ ድርጅቱን ደውላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ ከላካችሁ ደግሞ መጀመሪያ ባንካችሁን አሳውቁ፣ ከዚያ `scamwatch.gov.au` ላይ አመልክቱ።