ብር በአንድ ቀን አልረከሰም

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። ዓርብ ዕለት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ያን ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ሳምንታት ሳይቆይም 100ን ዘለለ። ብዙ ሰው ብር የወደቀው ያን ዕለት ይመስለዋል። ጥቁር ገበያ ላይ ግን ዶላር ከዚያ በፊትም ከ110 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። ባንኩ የመንገዱን ዋጋ በወረቀት ላይ ሊያሰፍር ዘግይቶ ደረሰ እንጂ ብር የረከሰው ዓመታት ወስዶ ነው። እንዴት እንደረከሰ ለመረዳት ወደ 2007 ዓ.ም. መመለስ ይሻላል።

በዚያ በጀት ዓመት አገሪቱ ዕቃ ወደ ውጭ ልካ ያገኘችው 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከውጭ ላስገባችው ግን ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። በመሀል ያለው የ13 ቢሊዮን ዶላር ልዩነት የንግድ ጉድለት ይባላል። ያኔ ምንዛሪው 20 ብር አካባቢ ነበር፤ ከወር ወር የሚለወጠውም በሳንቲም ነው። ጉድለቱ ይህን ያህል ሰፍቶ ሳለ ብር ለምን አልወደቀም?

መልሱ ያለው የክፍያ ሚዛን በሚባለው ሰፊ መዝገብ ውስጥ ነው። ይህ መዝገብ ከዕቃ ንግዱ ሌላ የአውሮፕላን ትኬት ገቢን፣ ዘመድ ከዋሽንግተንና ከሪያድ የሚልከውን ሐዋላ፣ ዕርዳታን፣ የውጭ ባለሀብት ይዞት የሚመጣውን ገንዘብና ብድርን ሁሉ ይይዛል። በመጨረሻ ሁልጊዜ እኩል መምጣቱ ግድ ነው፤ ያልተሸፈነ ወጪ ካለ ከብሔራዊ ባንኩ መጠባበቂያ ይቀነሳል፣ ወይም ሳይከፈል ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። በ2007 የጉድለቱን ግማሽ ገደማ የሸፈኑት ከውጭ የሚላክ ገንዘብና ዕርዳታ ናቸው። የቀረውን በአብዛኛው የሸፈኑት ደግሞ የውጭ ኢንቨስትመንትና ብድር ናቸው። በዚያው ዓመት መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ገበያ ቦንድ ሸጦ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 10 ዓመት።

ስለዚህ ጉድለት ብቻውን ገንዘብን አይጥልም። አሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት ከሸጠችው በላይ ገዝታ ኖራለች፤ ዓለም ዶላሯን ማስቀመጫ ስላደረገው ጫናው ብዙም አይሰማትም። ብርን ግን ከድንበር ወዲያ የሚያስቀምጠው የለም። የእኛ ጉድለት በምን ገንዘብ እንደተሸፈነና ያ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ነው ነገሩን የሚወስነው።

የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር እንይ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። በ2008 ሥራ ሲጀምር ተሳፋሪው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ይከፍል ነበር። ባቡሩ ሰው ማመላለሱ ጥሩ ነው፤ ገቢው ግን ብር ነው፣ ዕዳው ዶላር። የመለዋወጫ ዕቃውም የሚገዛው በዶላር ነው። የስኳር ፋብሪካዎቹም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብድሩ ሲገባ የክፍያ ሚዛኑን ያቃናል፤ መመለሻው ሲደርስ ያው ብድር ከኤክስፖርት ገቢ ላይ ተሻሚ ሆኖ ይመጣል። የትናንቱ ጉድለት ነገ በሌላ ዓምድ ሥር ተመዝግቦ ይመለሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቀስ ብሎ የሚሠራና የማይታይ ነው። በ2003 መባቻ ብር በአንድ ጊዜ ረክሶ ዶላር 16 ብር ከምናምን ገባ። ከዚያ ወዲህ ባሉት 7 ዓመታት ቀስ እያለ 23 ብር ደረሰ፤ ጭማሪው 40 በመቶ ገደማ ነው። በዚያው ጊዜ ግን የአገር ውስጥ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ይህ ቡና ላኪውን ምን እንደሚያደርገው አስቡት። የሠራተኛ ደመወዙ፣ የመጋዘን ኪራዩ፣ ከአቅራቢ የሚገዛው ቡና ሁሉ እጥፍ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ዶላር ባንክ የሚሰጠው ብር ግን ያን ያህል አልጨመረም። አስመጪው በተቃራኒው ርካሽ ዶላር አገኘ፣ ካገኘው። በዚህ ዓይነት ተመኑ ራሱ መላክን እየቀጣ ማስመጣትን ይሸልማል፤ ጉድለቱም ይብሳል።

ንግዱን የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የመጣውን ያስታውሳል። ቁጥሩን ለማስረዳት ያህል እንውሰድ፤ አንድ ነጋዴ 1 ዶላር የሚያወጣ ቡና ለመግዛትና ለማዘጋጀት 27 ብር አወጣ እንበል። ባንክ የሚሰጠው 23 ነው፤ 4 ብር ከሰረ። ነገር ግን ያመጣው ዶላር በከፊል ለራሱ ይፈቀድለታል፣ ወይም ባንኩ ወረፋ ያስቀድመዋል። በዚያ ዶላር ጎማ ወይም ብረት አስመጥቶ፣ ዶላሩን በ35 ብር የገዛ ያህል አድርጎ ይሸጠዋል። ቡናው የከሰረበትን ጎማው ይክሰዋል። እንዲህ ያለው ሰው ቡናውን ውጭ በስንት እንደሚሸጥ ብዙም አይጨነቅም፤ አገር ውስጥ ግን ከሌላው በልጦ ይገዛል። ትርፉን ከቡናው ብቻ የሚጠብቀው ላኪ ግን ከገበያው ይወጣል። ወርቁና የቁም ከብቱም የተሻለ ዋጋ ወዳለበት፣ በጠረፍ በኩል ይሾልካል፤ ሐዋላውም ባንክን እየተወ በእጅ ይመጣል።

ለዚህ ነው ጫናውን ለማወቅ የባንኩን ሰሌዳ ማየት የማይበቃው። የተያዘ ተመን ላይ ጫና የሚታየው ሌላ ቦታ ነው፦ ኤልሲ ለማስከፈት የሚጠበቀው ወረፋ ከወራት ወደ ዓመት ሲረዝም፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ «አልገባም» ሲበዛ፣ የጥቁር ገበያውና የባንኩ ልዩነት ሲሰፋ። በ2015 መጀመሪያ መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ከለከለ። ክልከላ ጉድለቱን በወረቀት ይቀንሳል፤ ፈላጊው ግን ወደ ጥቁር ገበያው ሄዶ ዶላሩን ያስወድደዋል።

ታዲያ ለምን ቀደም ብሎ አልተስተካከለም? ተሞክሯል። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ብር በ15 በመቶ እንዲረክስ ተደረገ። የዕቃ ኤክስፖርቱ ግን ከ2.9 ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር፣ በቀጣዩ ዓመትም ወደ 2.7 ወረደ። ምክንያቱ እንቆቅልሽ አይደለም። የቡና ችግኝ ተተክሎ እስኪያፈራ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ደግሞ ቢወደዱም ይገዛሉ። የውስጡ የዋጋ ንረት ካልቆመም የተገኘው ጥቅም በዓመት በሁለት ዓመት ይበላል፤ እንደኔ ግምት የዚያን ጊዜው ማስተካከያ የከሸፈው በአብዛኛው በዚህ ነው።

በታኅሣሥ 2016 የዚያ ቦንድ የግማሽ ዓመት ወለድ መክፈያ ደረሰ፤ 33 ሚሊዮን ዶላር። ቢሊዮኖች ለሚያስመጣ አገር ትንሽ የሚመስል ሒሳብ ነው፣ ግን አልተከፈለም። መጠባበቂያው የአንድ ወር የገቢ ዕቃ እንኳ የማይሸፍንበት ጊዜ ነበር። ከ7 ወር በኋላ ተመኑ ተለቀቀ፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅትም 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ።

በ2017 ለብሔራዊ ባንኩ የሚቀርበው ወርቅ ከጥቂት ቶን ከ30 ቶን በላይ ሆነ፤ የዕቃ ኤክስፖርቱም 8 ቢሊዮን ዶላርን አለፈ። ከዚህ ውስጥ የዓለም የወርቅ ዋጋ መናር ያመጣው አለ፤ ድሮም ይወጣ የነበረ፣ አሁን ግን በጠረፍ መሾለኩን ትቶ በባንክ በኩል የመጣም አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ የገቢ ዕቃው ክፍያ አሁንም ከኤክስፖርቱ እጅግ ይበልጣል፤ ዓመቱ ሲዘጋም ዶላር በባንክ ከ130 ብር በላይ ነበር፣ በጥቁር ገበያ ደግሞ ከዚያም በላይ።