ማንም ያልቆጠረውን ሥራ በቁጥር መጻፍ

ከዓረብ አገር ተመልሰው አገር ቤት ሥራ የሚፈልጉ ሴቶች ሲቪ ላይ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ ይህን የመሰለ አንድ መስመር ነው፦ «በሳዑዲ ዓረቢያ ለ4 ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጽዳት፣ ልብስ ማጠብና መተኮስ፣ ምግብ ማብሰል እችላለሁ።» መስመሩ ውሸት የለበትም። ግን የሆቴል የጽዳት ክፍል ኃላፊ ሲያነበው አንዲት ሴት ሙሉ ቪላ ብቻዋን ታስተዳድር እንደነበርና ሌላዋ ሁለት ክፍል ትጠርግ እንደነበር አይለይለትም። ሁለቱም የጻፉት አንድ ዓይነት ነውና።

ኃላፊው የለመደው በቁጥር ማሰብ ነው። በብዙ ሆቴሎች አንድ የክፍል አጽጂ በአንድ ፈረቃ ከ12 እስከ 16 ክፍል ይመደብላታል፤ ለአንድ ተራ ክፍል ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይያዛል። ከቤት ሥራ የመጣች ሴት ግን በየወሩ የሚሞላ ቅጽ አልነበራትም፤ ግብ ተሰጥቷት አያውቅም፤ ማዳም በዓመቱ መጨረሻ ቁጭ ብላ አልገመገመቻትም። ታዲያ ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ለማስረዳት ያህል አንዲት ሴት በሐሳባችን እንያዝ። ጅዳ ውስጥ 7 ሰው በሚኖርበት ቤት ሁለት ኮንትራት ጨርሳ የተመለሰች፣ አሁን አዲስ አበባ ሆቴል ለመግባት የምታመለክት ሴት ናት።

መጀመሪያ ቀኑ ይጥራ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሦስት የዘመን አቆጣጠር ይደባለቅባቸዋል። እሷ የምታስታውሰው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ቦሌ ላይ ፓስፖርቷ የተመታው በፈረንጆቹ ነው፤ ኢቃማዋ ላይ ያለው ቀን ደግሞ በሂጅሪ ነው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም የሄደች ሴት ፓስፖርቷ ላይ 2018 ይነበባል፤ በዚያው ዓመት ጥር ከሄደች ግን 2019 ነው። የሂጅሪ ዓመት ደግሞ ከፈረንጆቹ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በኢቃማው 4 ዓመት የሆነው በፓስፖርቱ ሲለካ ወር ተኩል ያህል ይጎድላል። «አራት ረመዳን እዚያ ጾመዋል» ብሎ ማስላትም ያሳስታል፤ አራት ረመዳን በ3 ዓመት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የመግቢያና የመውጫ ማኅተሙን መሠረት ማድረግ ነው። ፓስፖርቱ ከጠፋ ወይም አሠሪ አስቀርቶት ከሆነ፣ በየወሩ ለቤተሰብ ገንዘብ የተላከበት ደረሰኝ ቀኑን ይመሰክራል። ገንዘቡ ስንት እንደነበረ ግን ሲቪ ላይ ቦታ የለውም።

ማኅተሙ ሌላም ነገር ያሳያል። ይህች ሴት ሁለት ዓመት ሠርታ ለሁለት ወር ዕረፍት አገሯ ገብታ፣ ተመልሳ እዚያው ቤት ሁለተኛ ኮንትራት ጨርሳለች። በእኔ ግምት በሲቪዋ ላይ ከሚሰፍሩት ቁጥሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። አሠሪዎቿ ሥራዋን አይተው ደግመው ጠርተዋታል፤ ሪፖርት ባይጻፍም ውሳኔያቸው ተመዝግቧል። እሷ ግን «4 ዓመት» ብላ አንድ ላይ ስትጠቀልለው ያ ፍርድ ይጠፋል። «2 ኮንትራት፣ በአንድ ቤት፣ ከዕረፍት በኋላ በድጋሚ ተጠርቼ» ብላ ብትጽፈው ይታያል። መውጫ ተከልክላ የቆየች ሴት ግን እንዲህ ልትል አትችልም፤ መቆየቷ ስለ ሥራዋ የሚናገረው ነገር የለምና።

ቀጥሎ መጠኑ ይመጣል። አራቱን ዓመት በሙሉ ለማስታወስ መሞከር ግምትን ያበላሻል፤ አእምሮ የከበደውን ቀን እንጂ ተራውን ቀን አይዝም። ስለዚህ አንድ ተራ ሳምንት ትምረጥ፦ ረመዳን ያልሆነ፣ ቤተሰቡ ለበጋ ዕረፍት ያልወጣበት፣ ልጆች ትምህርት ላይ ያሉበት። ከዚያ ሳምንት አንዱን ቀን ከንጋት እስከ ማታ በወረቀት ላይ ታውርደው። ስንት አልጋ ታነጥፍ ነበር? 6። ስንት መታጠቢያ ቤት? 4፣ በየቀኑ። ልብስ መተኮስስ? አባትየውና ትልቁ ልጅ በየቀኑ አንዳንድ የተተኮሰ ቶብ ይለብሳሉ፤ ይህ በሳምንት 14 ነው። ሁለቱ ትንንሽ ልጆች ለ5 የትምህርት ቀን አንዳንድ የደንብ ልብስ ይፈልጋሉ፤ ይህ 10 ነው። ድምሩ 24 ሲሆን የማዳምና የሌሎቹ ልብስ ገና አልገባም። ሲቪ ላይ የሚጻፈው ግን 24 አይደለም፤ «በሳምንት ከ20 በላይ» ነው። አንዳንድ ሳምንት ልጅ ይታመማል፤ አንዳንድ ቀን አንዱ ሳይለብስ ይቀራል። ወደ ታች የተጠጋጋ ቁጥር ማንም ቢጠይቅ አይፈርስም።

እዚህ ላይ ትልቅ ፈተና አለ፤ በ52 ሳምንት፣ ከዚያ በ4 ዓመት ማባዛት። «ከ4,000 በላይ ልብስ ተኩሻለሁ» ማለት ይመጣል። ቁጥሩ ቢያስደነግጥም ለኃላፊው የሚነግረው ነገር የለም፤ ቤተሰቡ ለዕረፍት የወጣባቸውንና ረመዳን የዋለባቸውን ሳምንታትም ከተራው ጋር ደባልቋል። የሆቴል ሥራ በቀንና በፈረቃ ስለሚለካ የእሷም ቁጥር በቀንና በሳምንት ቢቀር ይሻላል። ረመዳን ለብቻው ይጻፍ። ለኢፍጣር ከ15 እስከ 20 እንግዳ ይመጣ ከነበረ፣ ያ የተለመደው ቀኗ ሳይሆን ጫና ሲበዛ ምን ያህል እንደምትችል የሚያሳይ ነው። የእንግዶች ብዛት በግምት ቢሆንም ለምግብ የተዘረጋው ሳህን ብዛት ይታወሳል፤ ስልኳ ውስጥ የቀረ የማዕድ ፎቶ ካለም ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚከብደው ለውጥን መለካት ነው። ከእሷ በፊት ቤቱ እንዴት እንደነበረ የጻፈ ሰው የለም። ይህች ሴት ያመጣችው አንድ ለውጥ አለ፦ የሚጎድለውን ዕቃ ሐሙስ ሐሙስ በዝርዝር እየጻፈች ለማዳም መስጠት ጀምራ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሾፌሩ አንድ ነገር ባለቀ ቁጥር ወደ ገበያ ይሮጥ ነበር። እሷ «በሳምንት 5 ጊዜ ይሄድ ነበር» ትላለች። የሚያውቅ ሌላ ሰው ሾፌሩ ነው፤ በዋትሳፕ ይገኛል። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «በሳምንት 5 ጊዜ አልነበር የምትሄደው?» ብትለው «አዎ» ይላታል፤ ሰው ለወዳጁ እንዲህ ነው። የራሷን ቁጥር ሳትነግረው «ዝርዝር ከመጀመሬ በፊት ስንት ጊዜ ትሄድ ነበር? ከዚያ በኋላስ?» ብላ ትጠይቀው። «ሦስት አራቴ፣ በኋላ ሁለቴ» ካለ፣ የሚጻፈው ከ3 ወይም 4 ወደ 2 የሚለው ነው። የእሷ 5 ይቀራል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚወሰደው አነስተኛው ለውጥ ነው። «50 በመቶ ቀንሻለሁ» ማለትም አያስፈልግም። ከ4 ወደ 2 መውረድ በመቶኛ ሲነገር የትልቅ ድርጅት ውጤት ይመስላል፤ ጠያቂው መነሻው ስንት እንደነበረ ሲሰማ ደግሞ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል።

የማን ውጤት እንደሆነ መለየትም ይኖርባታል። በሁለተኛው ኮንትራቷ የአባትየውን እናት ትንከባከብ ነበር፤ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ ስኳራቸውን በመለኪያው እየለካች የማሽኑን ፎቶ ለልጃቸው ትልክ ነበር። ቀንና ሰዓቱ ስልኳ ላይ አለ፤ ፎቶ ሳይላክ ያለፈ ቀን ካለም ቆጥራ ልታውቀው ትችላለች። «የአሮጊቷን ስኳር አስተካክያለሁ» ብትል ግን የሐኪሙንና የመድኃኒቱን ውጤት ወደ ራሷ መውሰዷ ነው። የእሷ የሆነው መለካቱ፣ ሰዓቱን መጠበቁና ማሳወቁ ነው፤ ለእንክብካቤ ሥራ ደግሞ የሚፈለገው ይኸው ነው። ፎቶዎቹ ለራሷ ማረጋገጫ እንጂ ለቃለ መጠይቅ የሚታዩ አይደሉም። የሰው ሕመም፣ የቤት ውስጥ ፎቶና የቤተሰቡ ስም ከሲቪው ውጭ ይቆዩ።

አንድ ቁጥር ግን ጨርሶ እንዳይጻፍ እመክራለሁ፦ የሥራ ሰዓት። ብዙ እህቶቻችን ከሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተው እኩለ ሌሊት አልፎ ይተኛሉ። «በቀን 16 ሰዓት እሠራ ነበር» የሚለው ጥንካሬ መስሎ ይታያቸዋል። ያ የተፈጸመባቸውን በደል እንጂ ችሎታቸውን አይለካም። የማይገባ አሠሪ ሲያነበውም እዚህ ያንኑ ልጠይቃት እችላለሁ ብሎ ያስባል።

የቤቱን ቁጥር ወደ ሆቴል ቋንቋ ለመተርጎም መቸኮልም ያስጠይቃል። 5 መኝታ ቤትና 4 መታጠቢያ በቀን ማጽዳት ከ12 የሆቴል ክፍል ጋር እኩል ነው ማለት አይቻልም፤ እሷ በመካከሉ ታበስል፣ ልጅ ትቀበል ነበር፤ የሆቴል ክፍል ደግሞ የራሱ የአነጣጠፍ ሥርዓትና የፍተሻ ዝርዝር አለው። የጎደለውን ቁጥር ግን ዛሬ ማግኘት ትችላለች። ሰዓት ይዛ አንድ የሁለት ሰው አልጋ አንሶላውን ቀይራ ታንጥፍ፣ አንድ መታጠቢያ ቤት ታጽዳ፤ በተለያየ ቀን ደጋግማ ትሞክረውና የፈጠነውን ሳይሆን መካከለኛውን ትያዝ። ይህ የጅዳ ልምዷ አይደለም፤ ሲጠይቋት «በቅርቡ ራሴን ለክቼ» ብላ የምትመልሰው ነው። ሆቴሉ በተግባር ሲፈትናት ቁጥሩ እውነት መሆኑ ወዲያው ይታያል።

አሁን ያ አንድ መስመር እንዲህ ይሆናል፦

«ጅዳ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፤ በአንድ ቤት 2 ኮንትራት፣ ከዕረፍት በኋላ በድጋሚ ተጠርቼ። 7 ሰው የሚኖርበትን ባለ 5 መኝታ ቤት ብቻዬን እይዝ ነበር፤ በየቀኑ 6 አልጋና 4 መታጠቢያ ቤት፣ በሳምንት ከ20 በላይ የሚተኮስ ልብስ። በረመዳን እስከ 20 እንግዳ አስተናግጃለሁ። የዕቃ ዝርዝር በማዘጋጀት የገበያ ምልልስ በሳምንት ከ3 ወይም 4 ወደ 2 እንዲወርድ አድርጌያለሁ። በሁለተኛው ኮንትራት የአንዲት አረጋዊትን ስኳር በቀን 2 ጊዜ እየለካሁ ለቤተሰብ አሳውቅ ነበር።»

ኃላፊው ከእነዚህ መካከል አንዱን መርጦ «ይህን እንዴት አወቅሽው?» ማለቱ አይቀርም። ስለ ልብሱ ከጠየቃት መልሷ ሁለት ቶብ በቀን፣ ለሰባት ቀን፣ ሲደመር የልጆቹ የደንብ ልብስ የሚል ይሆናል። ስለ ገበያው ከጠየቃት ሾፌሩን እንደጠየቀችና እሱ ያላትን እንደጻፈች ትናገራለች። መልሱን እንዲህ ማስረዳት የማትችለው ቁጥር ካለ፣ ሲቪውን ከማስገባቷ በፊት ትሰርዘው።