ቢትኮይን ፊቱን ያዞረበት ዋጋ

በ2021 ሴፕቴምበር ቢትኮይን 53 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሶ ወደ 40 ሺህ ተመለሰ፤ ኖቬምበር ላይ ግን 69 ሺህ ገባ። ዋጋ የቀድሞውን ጫፍ እንዲህ ሲያልፍ ነጋዴዎች የመዋቅር ስብራት ይሉታል። ስሙ ቢያስፈራም፣ የሚናገረው ጉዞው መቀጠሉን ነው።

ቁልፉ ያ 40 ሺህ ነበር፤ ወደ 69 ሺህ የተወጣው ከዚያ ተነሥቶ ነውና። በጃንዋሪ 2022 ዋጋው ሰብሮት ወደ 33 ሺህ ወረደ። የባሕርይ ለውጥ የሚባለው ይህ ነው፤ ማስጠንቀቂያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማርች ላይ አገገመ፤ ሆኖም 48 ሺህ ላይ ደከመ። ጫፉ ከቀድሞው አነሰ ማለት ነው። ሜይ ላይ 33 ሺህም ተሰበረ፤ አሁን መዋቅሩ የቁልቁለት ሆነ።

ዋጋው መስመሩን ለአፍታ አልፎ ቢመለስ አይቍጠሩት፤ የሳምንቱን መዝጊያ ይጠብቁ።