ስሟን ቀየርን፤ ዘመዶቿ ግን አወቋት

የምስክርነት ቪዲዮውን የቀረጽነው ጭሮ ላይ፣ ባለታሪኳ በከፈተቻት ትንሽ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ከባሏ ዱላ ሸሽታ የመጣች፣ ከሴቶች የቁጠባ ማኅበር ተበድራ ኑሮዋን እንደ አዲስ የጀመረች ሴት ናት። (አንዳንድ ዝርዝሮችን እዚህም ቀይሬያለሁ።) የማርኬቲንግ ሠራተኛ እንደመሆኔ ሥራው የእኔ ነበር። ስሟን ቀየርኩ፣ ፊቷን በኤዲቲንግ አደበዘዝኩ፣ ፈቃዷን በፊርማ ወሰድኩ። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅብኛል?

ቪዲዮው በተለቀቀ በሁለተኛው ቀን ደወለች። የባሏ ዘመዶች በቴሌግራም ሲቀባበሉት አይታለች። ያስለያት ፊቷ አልነበረም። ድምጿ ነው፤ ከጀርባዋ የሚታየው ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሦስት ሴት ልጆቼን ይዤ ከሂርና መጣሁ» ያለችው አንድ ዓረፍተ ነገር። በአዲስ አበባ ይህ ዓረፍተ ነገር ማንንም አያጋልጥም። በጭሮ፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ ግን ሦስት ሴት ልጆች ይዛ ከባሏ የተለየች ሴት ስንት ናት? ቪዲዮውን አወረድነው። በሰው ስልክ ውስጥ የቀረውን ቅጂ ግን ማንም አያወርደውም።

ስም መቀየር ብቻውን እንደማይበቃ በትልቁም ደረጃ የታየ ነገር ነው። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ዳይሬክት የተደረገው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም በጠለፋ ምክንያት ጠላፊዋን የገደለች ታዳጊን እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ ሲሆን፣ ገጸ ባሕርይዋ ሂሩት ተብላለች። ነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ባለታሪኳ ፈቃዴ አልተጠየቀም ብላ አቤት ብላ ነበር። ማን ትክክል እንደነበር እኔ አልፈርድም። ስሟ ቢቀየርም ታሪኩ የማን እንደሆነ ግን ብዙ ሰው ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ከማውጣቴ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ ተቀይሯል። «ይፈቅዳሉ?» ከማለቴ በፊት «ይህን እንዳያይ የሚፈልጉት ሰው ማን ነው? እሱ ስለ እርስዎ ምን ያውቃል?» እላለሁ። መልሱ ምን መደበቅ እንዳለበት ይነግረኛል። ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ መሆን አለበት። በአማርኛ የተጻፈ ቅጽ ላይ የምትፈርም የምዕራብ ሐረርጌ እናት ብዙ ጊዜ የምትፈርመው ለእንግዳ ክብር ስትል ነው። ደግሞም ፈቃድ አንድ ወጥ አይደለም፤ ለማኅበሩ ስብሰባ ይታይ ያለች ሴት ለቲክቶክ አልፈቀደችም። ስለዚህ ለየብቻ እጠይቃለሁ። ብድሯንም የሚሰጣት ድርጅት ሠራተኛ አጠገቤ እንዲቀመጥ አልፈልግም፤ እሱ ባለበት እምቢ ማለት ይከብዳታል።

ፊትን ቀርጾ ማደብዘዝንም ትቻለሁ። ፊቷ የሚታይበት ዋናው ፋይል ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፣ አንድ ቀንም በስህተት ይላካል። መጀመሪያውኑ አለመቅረጽ ይሻላል። ጀርባዋን ለመስኮት ሰጥታ ስትቀመጥ ካሜራውን በመስኮቱ ብርሃን ካስተካከልነው፣ እሷ ጥቁር ጥላ ትሆናለች። ወይም ሲኒ የሚያጥቡ እጆቿን ብቻ እንይዛለን፤ ያውም ቀለበቷንና እጇ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተን። ድምፅ ማወፈር አያስተማምንም፤ የሚያውቋት ሰዎች በአነጋገሯ ይለዩአታል፣ የተወፈረውንም ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። ቃሏን ሌላ ሴት ብታነበው ይሻላል፤ ይህም በቪዲዮው ላይ መገለጽ አለበት። የስልክ ካሜራ የቦታ መረጃም መጥፋት አለበት።

ኤዲቲንግ ላይ ትልቁ ፈተና እንባ ነው። ሃያ ደቂቃ በኩራት አውርታ አንድ ደቂቃ ያለቀሰችን ሴት፣ ለሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ስናሳጥራት እንባው መክፈቻ ይሆናል፤ ከሥሩ ዋሽንት ይገባል። አንድም ቃል አልዋሸንም፤ ሴትየዋ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። እኔም ይህን አድርጌያለሁ። አሁን እሷ የተናገረችበትን ቅደም ተከተል አልቀይርም፤ የእኔ ጥያቄ ያስለቀሳት ከሆነ ጥያቄውን አልቆርጠውም።

ሕጉም ቢሆን ከጎኗ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰጠችውን ፈቃድ መልሳ እንድታነሳ መብት ይሰጣታል። በተግባር ግን ከተለቀቀ በኋላ የሚነሳ ፈቃድ ከእኛ ገጽ ላይ ብቻ ነው የሚያወርደው። ይህንንም ሳልደብቅ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛው ፈቃድ ያለቀውን ቪዲዮ ካዩ በኋላ ይሆናል። ባለፈው ገለምሶ ላይ ለአንዲት እናት በስልኬ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አየችው። ፊቷ አይታይም፣ ድምፁም የእሷ አይደለም። «ልጄ፣ ስለ አማቴ ያልኩትን አውጪልኝ» አለችኝ። ለእኔ ከሁሉ ያማረው ክፍል እሱ ነበር። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ አወጣሁት።