«ሦስት ጥንድ ቀርቷል» ሲባል

«የመጨረሻዋ አንዲት ናት! ፍጠኑ!» የሚል ጽሑፍ ከአንድ የብር ጉትቻ ፎቶ ሥር ባየሁ ቁጥር ቻናሉን ወደ ላይ እየሳብኩ የቆዩትን ፖስቶች አያለሁ። ብዙ ጊዜ ያቺው ጉትቻ፣ በዚያው ፎቶ፣ ከሳምንታት በፊትም «የመጨረሻዋ» ሆና ትገኛለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ቴሌግራም ላይ ግን ማደርም አያስፈልግም።

የሚገርመው፣ በእጅ የሚሠራ ጌጥ ስለ ማነሱ መዋሸት የማያስፈልገው ሸቀጥ መሆኑ ነው። የወሎን ኦፓል እንውሰድ። በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ይህ ድንጋይ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ገበያ ስሙ ታውቋል። ውስጡ የሚጫወተው ቀለም ከድንጋይ ድንጋይ ይለያያል፤ አንዱ አረንጓዴ ሲያበራ ሌላው ወደ ቀይና ብርቱካን ይሄዳል። ለቀለበት ይህ ችግር የለውም። ለጉትቻ ግን ሁለት የሚመሳሰሉ ድንጋዮች ያስፈልጋሉ። አንዲት ጌጥ ሠሪ 14 የተሞረዱ ድንጋዮች ገዛች እንበል። በቀን ብርሃን ዘርግታ መጠናቸውንና ቀለማቸውን ስታስተያይ 5 ጥንድ አገኘች፤ የተረፉት 4 ድንጋዮች ለየብቻቸው ቀለበት ይሆናሉ። እንግዲህ ጉትቻው 5 ጥንድ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ራሱ ነው። ለገዢ ሊነገር የሚገባውም ይኸው ምክንያት ነው፤ ሠሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉትና «ፍጠኑ» ወደሚለው ይሮጣሉ።

ምክንያቱ ለምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ1975 ዎርቼል፣ ሊ እና አዴዎሌ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች 10 ብስኩት ያለበት ማሰሮ፣ ለሌሎቹ 2 ብቻ ያለበት አቀረቡ። ብስኩቱ ያው ነው፤ ሁለት ብቻ የቀረበላቸው ግን የበለጠ ተመኙት። ከሁሉም አብልጠው የተመኙት ደግሞ ዓይናቸው እያየ ብስኩቱ ከ10 ወደ 2 ሲቀነስ፣ ይህም የሆነው ሌሎች ስለፈለጉት ነው የተባሉት ናቸው። «ሰው እየተሻማበት ነው» የሚለው ወሬ «ትንሽ ነው» ከሚለው የበረታ ጉልበት አለው ማለት ነው። በእኔ ግምት በፖስቶች ላይ በብዛት የሚዋሸውም ስለዚህ ነው።

ወደ ጌጥ ሠሪዋ እንመለስ። ፖስቷ እንዲህ ቢጻፍስ?

«የደላንታ ኦፓል ጉትቻ፣ በ925 ብር የተሠራ። የሚመሳሰሉ ድንጋዮች ያገኘነው ለ5 ጥንድ ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ 1 ተሸጧል፣ 1 እስከ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ተይዟል፣ 3 አለ። ንድፉን በሌላ ድንጋይ እንደግመዋለን፤ እነዚህ ድንጋዮች ግን አይደገሙም።»

ከሥሩ ዋጋው ይከተላል። ሰዓቱ ለጌጥ የገባ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ዋናውን ፖስት ማረም ይቻላል፤ ሰዎች ወደ ሌላ ግሩፕ የላኩት ቅጂ ግን አብሮ አይታረምም። በማግስቱ ጉትቻዎቹ ቢያልቁም «3 አለ» የሚለው ጽሑፍ በየግሩፑ ይዞራል። ቀንና ሰዓት ካለው፣ አንባቢው መቼ የተቆጠረ እንደሆነ ያውቃል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ክብደት አለው። «ዳግመኛ አይሠራም» ብሎ ምሎ በወሩ ያንኑ ንድፍ ማውጣት የፊተኞቹን ገዢዎች ማታለል ነው። የማይደገመው ድንጋዩ ከሆነ፣ ድንጋዩ ነው የማይደገመው።

ቁጥሩን የሚያበላሸው ሁልጊዜ ውሸት አይደለም፤ አንዳንዴ ዝርክርክነት ነው። አምስቱ ጥንዶች በቴሌግራም ይታያሉ፣ በኢንስታግራም ይታያሉ፣ ቅዳሜ ደግሞ ባዛር ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። እህት ባዛር ላይ ሦስተኛውን ጥንድ ስትሸጥ፣ ባለቤቷ ቤት ሆና ለዚያው ጥንድ በቴሌብር ቀብድ ትቀበላለች። መፍትሔው ተራ ነው፦ እያንዳንዱ ጥንድ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጠውና ለየብቻው ፎቶ ይነሣ። መዝገቡም አንድ ይሁን፤ ማንም ለደንበኛ «እሺ» ከማለቱ በፊት እዚያ ይጻፍ። ባዛር የሚሄደው ጥንድ ለዚያ ቀን ከፖስቱ ቁጥር ይቀነስ። ያለ ቀብድ የተያዘ ዕቃ የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ እሱም ካለፈ «2ኛው ጥንድ ተመልሷል፣ የያዙት ደንበኛ ትተውታል» ብሎ መጻፍ ነው። ብዙዎች ቁጥሩ ወደ ላይ ሲመለስ ያፍራሉ። ማፈር አልነበረባቸውም፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ቁጥር ነው የሚያጠራጥረው።

አጣዳፊነት ደግሞ ሌላ ስሌት አለው፤ እሱ ከቀን መቁጠሪያ ይወጣል። ይህችው ሴት ከተረፉት ድንጋዮችና ከሌሎች ለገና ቀለበት በትዕዛዝ ትሠራለች። አንዱ ቀለበት አንድ ቀን ተኩል ይፈጅባታል፤ ስምንት ቀለበት 12 የሥራ ቀን ነው። ለሚበላሸውና ልኩ ለሚሳሳተው 2 ቀን፣ ለማድረስ 1 ቀን ጨምሩ፤ 15 ሆነ። እሑድ ስለማትሠራ ወደ 18 ቀን ይዘልቃል። ታኅሣሥ 27 ሁሉም ደንበኛ እጅ እንዲገባ ትዕዛዝ የሚዘጋው ታኅሣሥ 9 ነው፤ ወይም ስምንቱ ቀድመው ከሞሉ ያን ጊዜ። ፖስቱ ላይ «እስከ ታኅሣሥ 9፣ ከዚያ በኋላ ለገና አይደርስም» ብላ ስትጽፍ ቀኑ መሠረት አለው። ዘጠነኛው ደንበኛ ሲመጣ መልሷ «ከገና በኋላ» መሆን አለበት። ገደቡን በየዓመቱ «በብዙዎች ጥያቄ» የምታራዝም ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ገደብ አልነበረም።

አሁን ብዙም የማይነሣውን ልናገር። የተጣደፈ ገዢ አይጠይቅም። የወሎ ኦፓል አብዛኛው ውኃ ይመጣል፤ ሲነከር ቀለሙ ጠፍቶ መስተዋት ሊመስል ይችላል፣ ሲደርቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ዘይትና ሽቶ ሲነካውም መልኩ ሊለወጥ ይችላል። ጥቁር ሆኖ የሚሸጠው የወሎ ኦፓል ብዙ ጊዜ በጭስ ወይም በቀለም የጠቆረ ነው። ይህን ሳይነግሩ «ሁለት ብቻ ቀርቷል» ማለት፣ ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ገዢው ሳያስብ እንዲገዛ መግፋት ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» እያሉ «ፍጠኑ» ማለትም ከዚሁ ይመደባል፤ ዋጋውን የማያውቅ ሰው ለምን ይፈጥናል? የምታጣድፉ ከሆነ ለመወሰን የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ዋጋው፣ ልኩ፣ የብሩ ዓይነት፣ የድንጋዩ ጠባይ፣ እዚያው ፖስት ላይ ይሁን።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የሸማቾች ሕግ፣ ገዢው በቂ ጊዜ አግኝቶ እንዳያስብ «ለአጭር ጊዜ ብቻ» ብሎ መዋሸትን በማናቸውም ሁኔታ ከተከለከሉት ድርጊቶች ውስጥ ዘርዝሮታል። ለሮምና ለስቶክሆልም ደንበኞች የምትሸጡ ይህን ልብ በሉ። በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ።

ገዢዎች ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ተሠራ? ለምን ብዙ አልተሠራም? መቼ ነው የቆጠራችሁት? ሻጮች ደግሞ ሲያልቅ ፖስቱን አታጥፉት። «5ቱም ተሸጠዋል» ብላችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ፣ እዚያው ተዉት፤ ቀጣዩን «3 አለ» የሚያይ ሰው ወደ ላይ ስቦ እንዲመለከተው።