ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ሲገዙ ዲስክ ይዘው ይሂዱ

ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 የሚሸጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን አብርቶ፣ ሜኑውን ከፍቶ ይጠብቃል። ሜኑ ላይ የቆመ ማሽን ግን ሥራ ፈት ነው፤ እምብዛም አይሞቅም፣ ዲስክም አያነብም። ስለዚህ ቀደም ብለው ደውለው «እስክመጣ አታብራው» ይበሉ። ማሽኑ ላይ ያልተጫነ ጌም ያለበት ንጹሕ ዲስክም፣ ከጓደኛ ተውሰውም ቢሆን፣ ይዘው ይሂዱ።

ከመብራቱ በፊት የኤችዲኤምአይ መሰኪያውን ውስጡን በስልክ መብራት ይዩት። ቀጫጭኖቹ ጥርሶች ሳይጣመሙ ተሰልፈው መታየት አለባቸው። ማሽኑ በርቶ ገመዱን በቀስታ ነቅነቅ ሲያደርጉት ምስሉ ጥፍት ብልጭ ካለ፣ ገመዱን ለውጠው ይድገሙት። ያው ከሆነ መሰኪያው ላልቷል፤ ማስተካከሉ የብየዳ ሥራ ነው፣ ጥሩ እጅ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል።

አሁን ዲስኩን ያስገቡ። ማሽኑ ጌሙን እያነበበ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገለብጣል፤ በአንድ ሥራ ሁለቱም ተፈተኑ ማለት ነው። ዲስኩን መልሶ ከተፋው ወይም ጭራሽ ካላወቀው ችግሩ ከዲስክ ማንበቢያው ነው። መገልበጡ አንድ ቦታ ተገትሮ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ሃርድ ዲስኩን ይጠርጥሩ። ሲበራ CE-34335-8 የሚል ኮድ ከመጣ ደግሞ ማሽኑ ሃርድ ዲስኩን ማግኘት አልቻለም። ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የስሕተት መዝገብም ይክፈቱት፤ ባዶ ቢሆን ግን አይተማመኑ፣ ማሽኑ እንደ አዲስ ሲጠረግ አብሮ ይጠፋል።

ከሁለቱ የሚያስፈራው ማንበቢያው ነው። ሃርድ ዲስኩ እንደማንኛውም የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ባለ 2.5 ኢንች ስለሆነ ራስዎ ይቀይሩታል። የማንበቢያው ቦርድ ግን ከማሽኑ ዋና ቦርድ ጋር የተጣመረ ነው፤ ከሌላ ፕሌይስቴሽን ነቅለው ቢገጥሙት ጌም አያነብም።

ጌሙ ሲከፈት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጫወቱ። ሻጩ ቢቸኩልም አይቸኩሉ። ፋኑ ቀስ በቀስ ቢጮህ ብዙ ገዢ ይደነግጣል፤ እኔ ግን ይህን ዋጋ ማስቀነሻ አደርገዋለሁ። አቧራው ተጠርጎ፣ የደረቀው የማቀዝቀዣ ቅባት ሲታደስ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል። «በጣም ሞቋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ካወጣ ወይም እየተጫወቱ በራሱ ከጠፋ ግን ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

በዚያው ጨዋታ መሃል እጅዎን ከጆይስቲኩ ዱላዎች ላይ ያንሱ። ተጫዋቹ ወይም ካሜራው በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ዱላው አልቋል፤ ከፕሌይስቴሽን ቤት የወጣ ማሽን ላይ ይህ የተለመደ ነው። ጆይስቲኩን በገመድ ፊት ለፊት ባሉት በሁለቱም የዩኤስቢ መሰኪያዎች እየሰኩ መሙላት መጀመሩንም ይዩ። የተበላሸው ጆይስቲኩ ብቻ ከሆነ የአዲሱን ዋጋ ከጠቅላላው ላይ ያስቀንሱ።