ካርድ ክፍሉ ምን ማየት አለበት?

የክሊኒክ ሶፍትዌር ሲገዛ ስለ ዋጋውና ስለ ሪፖርቱ ብዙ ይጠየቃል። ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስኑት ሚናዎች ግን ተከላው ሊያልቅ ሲል፣ "ዶክተር፣ ነርስ፣ ሪሴፕሽን" ተብለው በችኮላ ይሞላሉ። እኔ ደግሞ ከሶፍትዌሩ ሁሉ የምወደው ይህንን ክፍል ነው። ሚና የፈቃዶች ጥቅል ነው፤ ፈቃዱ ለሚናው፣ ሚናው ለሠራተኛው ይሰጣል። መሠረቱ ከዚህ አያልፍም።

ለድሬዳዋ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ድል ጮራ ሆስፒታል ስማርት ኬር ከተሞከረባቸው ቀደምት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በወረቀቱ ዘመን ምስጢር የሚጠብቀው አንዱ ነገር ፎልደሩ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ መገኘቱ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ያው ፎልደር በሁሉም ጠረጴዛ ላይ ነው።

ካርድ ክፍል ላይ የሚሠራው አንዱ ስህተት ጥንቃቄ በዝቶ ከሚገባው በላይ መከርከም ነው። ሠራተኛዋ ስምና የካርድ ቁጥር ብቻ ትይ ይባላል። መሐመድ አህመድ የሚባል ሰው በሞላበት ከተማ ግን በሁለት ስም ታካሚ አይገኝም። የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ስልክ ካላየች አዲስ ካርድ ትከፍታለች። "ፔኒሲሊን አይስማማውም" የሚለው ማስታወሻ አሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል፤ ሐኪሙ ባዶ ካርድ ይዞ መድኃኒት ያዛል። በአንድ ስልክና በአንድ ሙሉ ስም የተከፈቱ ሁለት ካርዶች መብዛት ከጀመሩ ሚናው ከሚገባው በላይ ጠብቧል ማለት ነው።

ሌላው ስህተት ግን የበለጠ ያናድደኛል። "የእኛ ሪሴፕሽን የሕክምና ታሪክ አይከፍትም" የሚሉ ባለ ክሊኒኮች አሉ። ታሪኩን ባትከፍትስ ሂሳቡን አታይም?

ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ እናስብ፤ ካርድ የምታወጣውም ገንዘብ የምትቀበለውም አንዲት ሠራተኛ ናት። ትኩሳት የያዛት ወጣት መጣች። ሐኪሙ የወባ ምርመራ አዘዘ፤ የእርግዝና ምርመራም ጨመረ፣ ምክንያቱም ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ትእዛዙ ለክፍያ ወደ መስኮቱ ሲላክ ስክሪኑ ላይ "የእርግዝና ምርመራ" የሚል መስመር ከነዋጋው ብቅ ይላል። ገንዘብ ተቀባይዋ የወጣቷ ጎረቤት ብትሆንስ? አንድም ፎልደር ሳይከፈት ወሬው ሰፈር ሊደርስ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለመስኮቱ የሚደርሰው የትእዛዝ ቁጥር፣ "ላቦራቶሪ" የሚል ቃልና ጠቅላላ ድምር ብቻ ይሁን። ድምር ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ዋጋው ተለይቶ ከተጻፈ የዋጋ ዝርዝሩን በቃሏ የምታውቅ ሠራተኛ ምርመራውን ታውቀዋለች። ዝርዝር ደረሰኝ የሚፈልግ ታካሚ ከሐኪሙ ክፍል ይታተምለት። ታካሚው አንድ ምርመራ ብቻ ሲታዘዝለት ግን ድምሩም ያጋልጣል። እዚያ ላይ ከካርድ ክፍያው ጋር አዳብሎ ማስከፈል ይረዳል። የወረፋው ዝርዝርም እንዲሁ ነው፤ "ኤአርቲ" ከማለት "ክፍል 6" ይበል፣ ክፍል 6 ውስጥም ሌላ አገልግሎት ይኑር።

ነርስ ጋ ሲመጣ ሚናው በሙያ ሳይሆን በሥራ ቦታ ይሰፋ። ትሪያጅ ላይ ያለችው ነርስ ክብደት፣ ሙቀት፣ የደም ግፊትና አለርጂ ይበቃታል፤ የምክር አገልግሎት የምትሰጠዋ የምክሩን ማስታወሻ ትፈልጋለች። ሁለቱም ነርሶች ናቸው። ኦፕን ኤምአርኤስን በመሰለ ሥርዓት `Get Observations` የሚለው ፈቃድ ክብደትንም የኤችአይቪ ውጤትንም አንድ ላይ ይከፍታል፤ ሁለቱም እንደ ምልከታ ይመዘገባሉና። የምክር ጉብኝቱን በራሱ `Encounter Type` መዝግቦ ለዚያ ዓይነት የተለየ የማየት ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ጫኝ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ተጠቅማችሁበትም ቢሆን በትሪያጅዋ ስም ገብታችሁ ፍለጋውንም፣ ማጠቃለያ ገጹንም፣ ሪፖርቱንም ሞክሩ፤ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሊቀር ይችላል።

ሌሊት አንዲት ነርስ ብቻዋን ተረኛ ስትሆን ጠባቡ ሚና ያስቸግራታል። ያኔ የዶክተሩ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ከኪቦርዱ ሥር ይገኛል። እባካችሁ፣ ከዚህ ይልቅ የአደጋ ጊዜ በር አዘጋጁላት፦ ምክንያቷን ጽፋ ትከፍታለች፣ ስሟና ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ጠዋት ኃላፊው ያየዋል። በተዋሱት የይለፍ ቃል የተከፈተ ፎልደር መዝገቡ ላይ የሚታየው ዶክተሩ እንደከፈተው ነው፤ ዶክተሩ ቤቱ ተኝቶ ሳለ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ስለመደበው ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ባለቤቱን ማሳመን ነው፤ "ክሊኒኩ የእኔ ነው፣ ሁሉንም ላይ" ይላል። ሐኪም ከሆነ ለሚያክማቸው የሐኪም ሚና፣ ለገቢው ደግሞ የታካሚ ስም የሌለበት የሂሳብ ሚና ይሰጠው። ሚና የሚያድለውን የአስተዳዳሪ አካውንት የዕለት መግቢያው እንዳያደርገው ለይታችሁ ያዙት።